ሳይከፈት የሚነበበው ኢሜይል

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ባለ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የጥገና ክፍል ኃላፊያችን ከለቀቀ አራት ወር ሆነው። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ኮምቦልቻ ላሉ 120 መሐንዲሶች ኢሜይል ላክሁ። የመለሱልኝ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ‹ሙያዬ አይደለም› አሉኝ። ካልመለሱልኝ አንዱን ስልኩን አፈላልጌ ብደውልለት ‹በቀን ስንት ኢሜይል እንደሚመጣልኝ ብታውቂ! አላየሁትም› አለኝ። የላክሁትን አያይዤልዎታለሁ። ምኑን ላስተካክል?»
የሰው ኃይል ሠራተኛዋ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ እሑድ ከሰዓት፣ ጣና ዳር አሳ ጥብስ አዝዤ ስጠብቅ ነው። አሳው እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር ሞከርሁ። ኢሜይልሽን ከሁለተኛው አድራሻዬ፣ የላኪውን ስም ልክ እንዳንቺው አድርጌ፣ ወደ ዋናው አድራሻዬ ላክሁት። ስልኬ ላይ፣ ከላዩ የባንክ መልእክት፣ ከታቹ የአንድ ሱቅ የቅናሽ ማስታወቂያ፣ መካከል ላይ የአንቺው እንዲህ ሆኖ ተሰለፈ፦

ኤች አር ዲፓርትመንት
ጉዳዩ፦ የሥራ ዕድል መኖሩን ማሳወ…
ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው ድርጅታ…

ያ መሐንዲስ አላየሁትም ያለሽ እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። አይቶት ቢሆን እንኳ ያየው እነዚህን ሦስት መስመሮች ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ምን ሥራ እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ለምን ለእሱ እንደመጣ አይነግረውም። ከውስጥ የጻፍሽው ገጽ ተኩል የሚነበበው እነዚህ ሦስቱ ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለእነሱ ነው።

«ጉዳዩ» የሚለውን ከየት እንዳመጣሽው አውቃለሁ፤ እኔም መሥሪያ ቤት ስገባ መጀመሪያ የተማርሁት እሱን ነው። የወረቀት ደብዳቤ ላይ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ይደርሳል፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መክፈቷ አይቀርም፣ «ጉዳዩ» የሚለውን አይታ የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ትወስናለች። እዚያ ርዕሱ የሚያገለግለው ደብዳቤው ከተከፈተ በኋላ ነው። ኢሜይል ላይ ግን ርዕሱ የሚያገለግለው ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ሰውየው ከፍቶ ያንብበው ወይስ ይለፈው የሚለውን የሚወስነው በእሱ ነው። «የሥራ ዕድል መኖሩን ማሳወቅን ይመለከታል» ለፋይል ይሆናል፣ ለመወሰን አይሆንም።

ሌላም ችግር አለው። አማርኛ ዋናውን ግሥ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ስልክ ደግሞ የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው። «… ብቁ ባለሙያ አወዳድሮ ለመቅጠር መፈለጉን ይመለከታል» ብለሽ ብትጽፊ «መቅጠር» የሚለው ሳይደርስ መስመሩ ያልቃል። ስንት ፊደል እንደሚታይ እንደ ስልኩ ስፋትና ባለቤቱ እንደመረጠው የፊደል መጠን ይለያያል። እኔ 25 ፊደል ያህል ብቻ ይታያል ብዬ ነው የምጽፈው፤ ከዚያ በላይ ቢታይ ትርፍ ነው። 25 ትንሽ እንዳይመስልሽ። የእኛ ፊደል አናባቢውን ተሸክሞ ስለሚሄድ «ጥገና» ሦስት ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚሁ ቃል 11 ፊደል ይፈጃል። ግሡን ትተሽ በስሞች ብቻ ከጻፍሽ ብዙ ነገር ይገባል።

እኔ የምጽፈው ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ነው፦ የሥራው መጠሪያ፣ ቦታው፣ ለምን እሱ። ያንቺን እንዲህ አደርገው ነበር፦

የጥገና ኃላፊ፣ ባሕር ዳር፣ ለቦይለር ባለሙያ

ከነክፍተቱ 28 ነው። ጠባብ ስልክ ላይ የመጨረሻው ቃል ቢቆረጥ እንኳ ሥራውና ከተማው ይቀራሉ። «ባሕር ዳርን ርዕሱ ላይ ካስቀመጥሁት አዲስ አበባ ያለው ሰው ሳይከፍተው ያልፈኛል» ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። ይለፍሽ። ከተማ ለመቀየር ፈጽሞ የማያስበው ሰው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደርሶ ከሚዘጋው ርዕሱ ላይ ቢያልፈው ለሁለታችሁም ይሻላል። በተቃራኒው እናቱ ዳንግላ ወይም ደብረ ታቦር ያሉ፣ ወይም ባሕር ዳር ፖሊ ተምሮ የወጣ መሐንዲስ «ባሕር ዳር» የምትለዋን ሲያይ ጣቱ ይቆማል። የምትፈልጊው እሱን ነው።

«አስቸኳይ»፣ «አስደሳች»፣ «ወርቃማ ዕድል» እና ሦስት ቃለ አጋኖ ከሱቁ ቅናሽ ጋር ያመሳስሉሻል፤ ተያቸው። ከእነዚህ የባሰው ደግሞ ማጭበርበር ነው። እኔ በቀጣሪነት በጀመርሁበት ዓመት አንድ ብልጥ ነኝ ባይ መክሮኝ ርዕሱ መጀመሪያ ላይ Re: እየጨመርሁ እልክ ነበር፤ ቀድሞ የተጻጻፍን ይመስለዋል ተብሎ። እውነትም ይከፍቱት ነበር። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ደውለው «የትኛውን ደብዳቤዬን ነው የመለስህልኝ? ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እሳቸው በዚያ መሥሪያ ቤት ስም የሚመጣ ኢሜይል ሁለተኛ እንደማይከፍቱ ነግረውኝ ስልኩን ዘጉት። መከፈቱን አግኝቼ ሰውየውን አጣሁ።

አሁን ወደ ላኪው ስም። «ኤች አር ዲፓርትመንት» ማንም አይደለም። የራስሽን ስም አስገቢና ከኋላው የፋብሪካውን ስም አድርጊ፤ የኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ የምትቀይሪው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አድራሻው ግን የግል ጂሜይልሽ አይሁን፣ የድርጅቱ ይሁን። ሥራ እናስቀጥራለን እያሉ የምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች ስለበዙ ሰው ተጠራጣሪ ሆኗል። ከታች ፊርማሽ ላይ በ058 የሚጀምር የቢሮ ስልክ ማየቱ ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ በር ያለው ቢሮ እንዳለሽ ይነግረዋል።

ስም ካነሣን፣ ከኤክሴል ዝርዝር ስም እያነሣ በጅምላ የሚልከው ፕሮግራም ለፈረንጅ የተሠራ ነው። «የመጨረሻ ስም» የሚለውን ሲያነሣልሽ የሰውየውን አባት ነው የሚጠራው። በእሱ ብትልኪ «ውድ አቶ» ብለሽ 120 አባቶችን ሰላም ትያለሽ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ማሽን እንደላከው ገብቶት ይዘጋዋል።

ሦስተኛው መስመር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ነው። «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» የሚለው ያንን ውድ ቦታ ርዕሱን መልሶ ለመጥቀስ ይፈጀዋል። ረጅም ሰላምታም እንደዚሁ። በእኛ ወግ ሰው ደኅንነቱ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም፤ ልክ ነው፤ ግን «ሰላም ኢንጂነር» ይበቃል፣ አክብሮቱን «እርስዎ» ይሸከመዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ድርጅትሽ ሳይሆን ስለ እሱ ይሁን። እዚህ ላይ ያ ቅድም የጎዳሽ የአማርኛ ሥርዓት ይጠቅምሻል። ግሡ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የሰውየው ሥራ ዓረፍተ ነገሩን ሊከፍት ይችላል፦ «በቢራ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ቦይለር…»። ሰው የራሱን ሥራ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ሲያየው ሳያነበው አያልፍም።

ሙሉውን እንዲህ ጽፌልሻለሁ። ቁጥሮቹን የሞላሁት ለምሳሌ ነው፤ አንቺ የእናንተን አስገቢ።

ሰላም ኢንጂነር፣

በቢራ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ቦይለርና የማሸጊያ መስመር ጥገና መምራትዎን ሊንክድኢን ላይ አይቼ ነው የጻፍሁልዎት። ባሕር ዳር ያለው የምግብ ማቀነባበሪያችን የጥገና ክፍሉን የሚመራለት ሰው ይፈልጋል።

ያለን በሰዓት 4 ቶን እንፋሎት የሚሰጥ አንድ ቦይለር፣ ሁለት የማሸጊያ መስመርና 14 የጥገና ሠራተኞች ነው። አሁን የቸገረን አንደኛው የማሸጊያ መስመር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መቆሙ ነው፤ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።

ደመወዙ ከ60,000 እስከ 75,000 ብር፣ ያልተጣራ። መኖሪያ ቤት ድርጅቱ ይሰጣል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት አለው።

ሐሙስ ወይም ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ለ10 ደቂቃ ልደውልልዎት? «ሐሙስ»፣ «ዓርብ» ወይም «ይቅርብኝ» ብለው ቢመልሱልኝ ይበቃኛል።

ከዚህ በታች ስምሽ፣ ኃላፊነትሽና ስልክሽ። አለቀ። ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ በጣት ገፋ አድርጎ ይጨርሰዋል።

የድሮው ኢሜይልሽ ውስጥ የነበረውና እዚህ የሌለው ምን እንደሆነ ተመልከቺ። የድርጅቱ የምሥረታ ታሪክ የለም፤ ደስ ካለው ሲደወልለት ይጠይቅሻል። «የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ብዛት 1፣ ተፈላጊ ችሎታ…» የሚለውም የለም፤ እሱ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው፣ አመልካቹ ራሱ ፈልጎ ለሚመጣበት። አንቺ የጻፍሽለት ሰው ሥራ ያለው፣ ያልፈለገሽ ሰው ነው። መስፈርት ስትዘረዝሪለት ፈተና የተሰጠው ይመስለዋል። ዝርዝሩን የያዘውን የዎርድ ፋይልም አላያያዝሁም። ከማያውቁት ሰው የመጣ አባሪ ያስፈራል፤ በሞባይል ዳታ ለሚከፍተውም ወጪ ነው። እሺ ሲልሽ ትልኪለታለሽ።

የማሸጊያ መስመሩ መቆም የተጻፈው ሳት ብሎኝ አይደለም። ሥራ አስኪያጅሽ «ጉድፋችንን ለምን ትነግሪያለሽ» ሊል ይችላል። የጥገና ሰው ግን ሥራው የተበላሸ ነገር ነው። «ተለዋዋጭና ማራኪ የሥራ አካባቢ» ብትዪው አይሰማም፤ መስመሩ በሳምንት ሦስቴ ይቆማል ብትዪው ገና አውቶቡስ ላይ እንዳለ ምክንያቱን መገመት ይጀምራል፤ ሴንሰር ይሆን፣ ኮምፕረሰር ይሆን እያለ። ለሒሳብ ሠራተኛ ስትጽፊ ደግሞ ያልተዘጋውን የሒሳብ ዓመት ትነግሪያለሽ። በየሙያው እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም፤ ለማግኘት ግን ከቢሮሽ ወጥተሽ የክፍሉን ሠራተኞች መጠየቅ ይኖርብሻል።

ደመወዝ ላይ «በስምምነት» ብለሽ ነበር። ይህች ቃል አገሩን ሁሉ ይዛዋለች፤ አንባቢው ግን «ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ደብቀውታል» ብሎ ነው የሚተረጉማት። አለቃሽ ካልፈቀደ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል እንዲፈቅድ ለምኚው፤ የቀድሞው ኃላፊ ስንት ያገኝ እንደነበር ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቁታል፣ ምሥጢር አይደለም። ክልሉንም ከከለከለሽ ቢያንስ ቤቱንና ቲኬቱን ጻፊ። ቲኬቱን ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ና የተባለ ሰው ከደመወዙም በፊት የሚጠይቀው «መንገዱስ?» ብሎ ነው። «አካባቢው ፍጹም ሰላም ነው» ብለሽ አትጻፊ፤ ቃል የምትገቢበት ነገር አይደለም፣ አያምንሽምም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል መሆኑንና ወጪው የእናንተ መሆኑን ግን ማለት ትችያለሽ። የቀረውን በስልክ ሲጠይቅሽ ያለውን እንዳለ ንገሪው።

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽውን ነገር እጅግ አሳንሺው። «ፍላጎት ካለዎት የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎን አያይዘው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ…» ብለሽው ነበር። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲቪውን ካደሰ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ «ቅዳሜ አድሼ እልካለሁ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ አለ። አንድ ቃል ከጠየቅሽው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይመልስልሻል። «ይቅርብኝ» የሚለውንም መንገድ የከፈትሁለት ለዚህ ነው። እምቢ ማለት ቀላል ሲሆን የማይፈልገውም ይመልሳል፤ ጨዋ ሰው ከሆነ «እኔ አልችልም፣ ግን አንድ ጓደኛዬ አለ» ይልሻል። እኔ ከቀጠርኋቸው ጥሩ ጥሩ ሰዎች ብዙዎቹ የመጡልኝ በዚህ በር ነው።

እንዲህ ያለ ኢሜይል ለ120 ሰው አይላክም። ሁለቱ ሙያዬ አይደለም ያሉሽ ዝርዝርሽ ውስጥ የሲቪል መሐንዲስም ስለነበረ ነው፤ ገጻቸውን ሳታነብቢ ነው የላክሽላቸው ማለት ነው። አንድን ሰው ለማንበብና የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በቀን ስድስት ሰው ብትይዢ አንድ ሰዓት ነው፤ በሳምንት 30። ከ120ው ውስጥ ቦይለርና ማሸጊያ የሚያውቁት ከዚያ ይበልጣሉ ብዬ አላስብም።

ሁሉንም Bcc ውስጥ ከትተሽ መላክሽም ጎድቶሻል። ተቀባዩ ሲከፍተው የራሱ አድራሻ «ለ» የሚለው ላይ አይታይም፤ የጅምላ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ የኢሜይል ማጣሪያው ራሱ ሊጠራጠረው ይችላል። ፋብሪካው የራሱ ዶሜይን ስላለው አንድ ነገር አረጋግጪ፦ ወደ ግል ጂሜይልሽ አንድ መልእክት ከቢሮው ላኪና በኮምፒውተር ከፍተሽ ከጎኑ ካሉት ሦስት ነጠብጣቦች ውስጥ Show original የሚለውን ተጫኚ። ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ ዶሜይን መውጣቱን የሚያረጋግጡት SPF እና DKIM የሚሉት ፊት ለፊታቸው PASS ካላቸው ደኅና ነው። ከየካቲት 2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ጂሜይል ከሁሉም ላኪዎች ቢያንስ አንዱን ይጠይቃል። ከሌላቸው የአይቲ ሠራተኛችሁ የሚያስተካክለው ነው፤ እስኪያስተካክል ድረስ ግን ርዕስሽ ምንም ቢያምር የሚቀመጠው አይፈለጌ መልእክቶች መካከል ሊሆን ይችላል።

ፊደልሽንም እይው። የቢሮሽ ኮምፒውተር የቆየ የግዕዝ ፕሮግራም ያለበት ከሆነና ዩኒኮድ ባልሆነው ፊደል ከጻፍሽ፣ አንቺ ጋ አማርኛ የሚመስለው እሱ ጋ ደርሶ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ከዎርድ ቆርጠሽ ስትለጥፊ ነው በብዛት የሚያጋጥመው። መጀመሪያ ወደ ራስሽ ስልክ ልከሽ ካየሽው ይታወቅሻል። ሰውየው ገጹን በእንግሊዝኛ የጻፈ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጻፊለት ይላሉ፤ እኔ አገር ውስጥ ላለ ሰው በአማርኛ ነው የምጽፈው። በእንግሊዝኛ ከተሞላ ሳጥን ውስጥ አንድ የአማርኛ ርዕስ ከሩቅ ይታያል።

ካልመለሰልሽ አምስት የሥራ ቀን ቆይተሽ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚው። አዲስ ኢሜይል አትክፈቺ፤ የመጀመሪያው ላይ መልስ ብለሽ ጻፊ፣ የድሮው ከሥሩ እንዲኖር። የአሁኑ Re: ሐቀኛ ነው። «ኢሜይሌ ደርሶዎት ይሆን?» አትበዪ፤ አዲስ ነገር ጨምሪለት፦ «ቤቱ ሁለት መኝታ ነው፣ ፎቶውን ልልክልዎት እችላለሁ» ዓይነት። ከዚያ በኋላ ዝም ካለ ተዪው።

ስንት ሰው እንደከፈተው የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ገንዘብ አታውጪባቸው። ከ2021 ወዲህ የአፕል ሜይል ሰውየው ሳያየውም የተከፈተ ሊያስመስለው ይችላል። የምትቆጥሪው መልስን ነው፣ «ይቅርብኝ» የሚለውንም ጨምረሽ። ከ30ው እምቢታ በብዛት ከመጣ እየተነበብሽ ነው፤ ችግሩ ሥራው ወይም ደመወዙ ላይ ነውና ወረቀቱን ይዘሽ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግቢ። ምንም ካልመጣ ግን ስልክሽን አውጪና እነዚያን ሦስት መስመሮች እንደገና ተመልከቺ፤ የተቆረጡበትንም ቦታ ልብ በይ።